ካይቱ ጠፋ እንጂ አባቱ አልሞተም

«አባቱ ሞቶበት ነው የሚያለቅሰው» አለ ልጁ፣ ፍጹም በእርግጠኝነት።

እኛ የሠራነው ፊልም ካይት ስለጠፋበት ልጅ ነበር። ፊልሙ ውስጥ አባት የሚባል ሰው የለም። ልጁም አያለቅስም፤ አንዲት ጠብታ እንባ አልሣልንም። ከኋላዬ የተቀመጡት የደንበኛችን አስተባባሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምን ሊሉ እንደሆነ አውቄዋለሁ።

አኒሜሽኑ አራት ደቂቃ ነው። ያዘዘን ድርጅት በፕሮጀክተር እያዞረ በየክልሉ ላሉ ትምህርት ቤቶች ሊያሳየው ነበር። አንዱ ጋ ሶማሊኛ፣ ሌላው ጋ ኦሮምኛ፣ ሌላው ጋ ሲዳምኛ ይነገራል። ስለዚህ ከመነሻው «ቃል አይኑረው» ተባልን። በድርጊት፣ በፊት ገጽታና በሙዚቃ ብቻ ይለቅ ተባለ። ውሉ ላይም ሰፍሯል። የሰፈረ ነገር ሁሉ ይከበራል ማለት ግን አይደለም።

ታሪኩ አጭር ነው። ልጁ ከፌስታልና ከሸምበቆ የሠራውን ካይት ያበራል። ነፋሱ ይበረታል፣ ገመዱ ይበጠሳል፣ ካይቱ በቤቶቹ ጣራ ላይ አልፎ ይጠፋል። ልጁ ሰፈሩን ሲያስስ ይውልና የሰፈሩ ልጆች ሁሉ በሚፈሯቸው አንዲት እናት ግቢ ያገኘዋል። በቃ።

ቀለም ከመግባቱ በፊት አኒማቲኩን፣ የፊልሙን ተንቀሳቃሽ ረቂቅ፣ ለልጆች ማሳየት የኔ ሐሳብ ነበር። ልጆችን «ገባችሁ?» ብለህ አትጠይቅም። በአንድ ድምፅ «አዎ!» ነው መልሱ። አስተማሪ ፊት «አልገባኝም» ብሎ ያደገ ልጅ የት አለ? እኛ ያደረግነው ሌላ ነው። ፊልሙን ያላየ ልጅ ከውጭ እናስገባለን፤ ያየው ልጅ ደግሞ ታሪኩን ይነግረዋል። እኛ ጥግ ይዘን እንሰማለን። ያን ጊዜ ነው አባቱ የሞተው። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጁ ነው ያልገባው ብዬ አልፈው ነበር። ሌላኛዋ ልጅ ግን «ጓደኛው ወደ ሰማይ ሄደበት» አለች።

«አየሽ እህቴ» አሉ አስተባባሪው ልጆቹ ሲወጡ። «ተራኪ ያስፈልገዋል። አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጣል ብናደርግበት ምን ይለዋል? ‹ልጁ ካይቱ ስለጠፋበት አዘነ› ቢባል ያልቃል።»

«በየትኛው ቋንቋ?» አልኳቸው።

«በአማርኛ ነዋ። ሌላውን በኋላ እናየዋለን።»

«ውሉ ቃል የለውም ይላል እኮ።»

«ውል የተጻፈው ልጆቹ ፊልሙን ከማየታቸው በፊት ነው።»

ይህቺን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እውነት ይመስላልና ያናድዳል። እኔም «ሦስት ቀን ይስጡኝ፣ ካልተስተካከለ ተራኪውን እኔ ራሴ እፈልግልዎታለሁ» አልኩ። አንገታቸውን ነቀነቁ። እሺታ ይሁን ትዝብት አልለየሁትም።

ማታ ገመዱ የሚበጠስባትን ትዕይንት ደጋግሜ አየኋት። ስድስት ሰከንድ ናት። በሰከንድ 24 ፍሬም ነው የምንሠራው፤ ስለዚህ 144 ፍሬም። ፊልሙ ሙሉ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚያ ነው። ልጆቹ ሞት ያዩትም እዚያው ነው።

የመጀመሪያው ጥፋት ካይቱ ላይ ነበር። ጀማሪው አኒሜተራችን ገመዱ ሲበጠስ ካይቱን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አወጣው። ሲታይ ያምራል። ችግሩ ፊኛ ነው እንጂ ካይት እንደዚያ አይሄድም። ካይትን ሰማይ ላይ የሚይዘው ነፋሱ ብቻ አይደለም፤ ገመዱም ነው። ገመዱ ወደ ታች ወደ ልጁ ሲስበው ካይቱ ደረቱን ለነፋሱ ይሰጣል፣ ነፋሱም ይሸከመዋል። ገመዱ ሲበጠስ የሚገታው ነገር የለም። ደረቱን ያጥፋል፣ ይንከባለላል፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት እየተገለባበጠ ይወርዳል። ተንሳፍፎ የሚያርግ ነገር ግን ልጆች የሚያውቁት ሥዕል ነው። ነፍስ ነው።

«ግን እንዲህ ሲሆን ያምራል» አለኝ ጀማሪው።

«ያምራል። ለቀብር።»

ሁለተኛው እጁ ላይ ነበር። በድሮው ሥዕል የልጁ መዳፍ ተከፍቶ ይታያል፣ ከዚያ ገመዱ ይሄዳል። የተከፈተ መዳፍ ደግሞ መልቀቅ ነው፣ መሰናበት ነው። ገመዱ ተበጠሰ ለማለት እጁ እንደተጨበጠ መቅረት አለበት። በዚያ ላይ ገመድ የሚወጥር ሰው ሰውነቱን ወደ ኋላ አስደግፎ ነው የሚቆመው። ገመዱ በድንገት ሲበጠስ ወደ ኋላ ይንገዳገዳል። ይህ በድሮው ሥዕል አልነበረም፤ ልጁ እንደ ሐውልት ቆሞ ነበር።

እንደገና ሠራናት። መጀመሪያ ለአንድ ሰከንድ ያህል ገመዱ ተወጥሮ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ተመልካቹ «አሁን ይበጠሳል» እንዲል ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ ያልጠበቀውን ነገር ዓይኑ አይዘውም። መበጠሱ ራሱ አራት ፍሬም ነው፣ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ልጁ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይንገዳገዳል። ከዚያ ምንም የለም። ለአንድ ሰከንድ ተኩል ጨብጦ ይቆማል፣ አንዴ ብቻ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይገልጣል። ቀጥሎ ዓይኖቹ ብቻ ወደ እጁ ይወርዳሉ። ጭብጡ ውስጥ የቀረች ስንዝር ገመድ አለች። ጭንቅላቱ የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው፣ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ፣ ወደ ጣራዎቹ። ዓይንና ጭንቅላት አብረው ከዞሩ ልጁ የታዘዘ ይመስላል። ዓይን ከቀደመ ግን አስቦ ያደረገው ይሆናል።

ፊቱን ጨርሶ አልነካነውም። ቡድኑ ቅንድቡን እናሳዝነው፣ ከንፈሩን እናንቀጥቅጠው እያለ ነበር፤ አልፈቀድኩም። ከመቶ ዓመት በፊት ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ የፊልም ባለሙያ የአንድን ሰው ተመሳሳይ ፊት አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር እያያያዘ አሳይቷል። ተመልካቹ በመጀመሪያው ረሃብ፣ በሁለተኛው ሐዘን ያይበታል። የኛም ልጅ ፊት ያው ፊት ነው። ቀድሞ ካይት ሲያርግ ያየ ሞት አነበበበት። የተቆረጠ ገመድ ያየ ደግሞ ሌላ ነገር ያነብበታል።

ሦስተኛው ከሁሉም ከባዱ ነበር፤ ሙዚቃው። ሙዚቀኛችን በዕድሜ ይበልጠናል፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ገመዱ ከመበጠሱ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ ትዝታ ማይነር በዋሽንት ለቆበታል። እንዴት እንደሚያምር! ስቱዲዮው ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛችን ሳትቀር ዓይኗ ረጥቧል።

«ጋሼ፣ ልጁ ገና ሳያዝን ዋሽንቱ አዘነ» አልኩት።

«ልጁ ምን ያውቃል? ልጅ ነው።»

«ተመልካቾቹም ልጆች ናቸው።»

ዝም አለ። ከዚያ «ዋሽንቱን ላውጣልሽ ታዲያ? በባዶ ይሂድ?» አለኝ፣ የተቆጣ በሚመስል ድምፅ። በባዶ ይሂድ ልል ነበር፣ ፈራሁት። ጥሩ ነው የፈራሁት። በማግስቱ ራሱ ሌላ ነገር ይዞ መጣ።

ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ልጁን ክራር አደረገው፣ ካይቱን ዋሽንት። ካይቱ ሲበር ክራሩ ከሥር ይመታል፣ ዋሽንቱ ከላይ ዜማውን ይጫወታል። ዜማው በባቲ ቅኝት ነው፣ ደስ የሚል። ገመዱ ሲበጠስ ዋሽንቱ ዜማውን ሳይጨርስ ይሄዳል፤ እየራቀ፣ እየሳሳ። ለአንድ ሰከንድ ተኩል የሚሰማው የነፋስ ድምፅና የቆርቆሮ መንኳኳት ብቻ ነው። ልጁ ወደ ጣራዎቹ ሲያይ ክራሩ ይመለሳል። ያንኑ አጃቢ ይመታል፣ በዚያው ፍጥነት፣ ያለ ዜማ። ሰሚው ጆሮው ውስጥ ዜማውን ይጠብቃል፣ ዜማው አይመጣም። የሆነ ነገር እንደጎደለ ይሰማሃል። ሐዘን የሚል ምልክት የትም የለም። ትዝታ እኛ አዋቂዎች ስንት ነገር የጫንበት ቅኝት ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ያንን ጓዝ አልተሸከመም። የጎደለ ድምፅ ግን ያውቃል።

ልጁ ፍለጋ ሲዞር ዋሽንቱ አልፎ አልፎ ከሩቅ ሁለት ሦስት ኖታ ጣል ያደርጋል። ካይቱ የት እንዳለ የሚጠቁመው እሱ ነው። ይህን እኔ አላሰብኩትም። ጋሼ ግን «አንቺ ካልጨቀጨቅሽኝ አላመጣውም ነበር» ብሎ ለሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ። አላስተባበልኩም።

በሁለተኛው ሙከራ ሌሎች ልጆች አመጣን። «ገመዱ ተበጠሰበት፣ ንፋስ ወሰደው፣ በየቆርቆሮው ሲፈልግ ዋለ» አለ የመጀመሪያው፣ እጁን ጨብጦ እያሳየ። አባት አልሞተም። አንዲት ልጅ ብቻ ሴትዮዋ ሰርቀውት ነው አለች። ምን ታደርጋለህ፣ ሴትዮዋን ክፉ አድርገን ሥለናቸዋል።

አስተባባሪው ግን አልረኩም። «የገባቸው ጎበዝ ልጆች ስለሆኑ ነው» አሉ። እኔም ተራኪ ለምን እንደማያስፈልግ የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሞላ። ከዚያ ስብሰባ ተጠራ፣ ማብራሪያ ተጠየቅሁ፣ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ለዚህች ዝም ያለች ፊልም የፈሰሰውን ቃል ሰብስበው ቢያሳትሙት ልብ ወለድ ይወጣዋል። በመጨረሻ ፊልሙ ያለ ተራኪ አለፈ።

ምርቃቱ ቀን አዳራሹ በተማሪ ሞላ። መብራት ከመጥፋቱ በፊት አስተባባሪው ማይክ ያዙ። «ልጆች፣ አሁን የምታዩት ካይቱ ስለጠፋበት ልጅ ነው» ብለው ጀመሩ። ገመዱ እንዴት እንደተበጠሰ ነገሩ። የት የት እንደፈለገው ነገሩ። ሴትዮዋ ክፉ እንዳልሆኑ፣ መጨረሻ ላይ ለካይቱ አዲስ ጭራ እንደሚቀጥሉለት ነገሩ። ጎናቸው አስተርጓሚ ቆሞ ሁሉንም ደገመው። አራት ደቂቃ ለሚፈጀው ፊልም መግቢያው ሩብ ሰዓት ወሰደ። ጋሼ አጠገቤ ሆኖ እየሳቀ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ፊልሙን አጠቃለን ልናስረክብ ስንል ደግሞ አስተባባሪው ስልክ ደወሉ። በመጨረሻው የስም ዝርዝር ውስጥ የሳቸውም ስም ይግባ አሉ፣ «ብዙ አስተዋጽኦ አድርጌያለሁ እኮ።» ደስ ብሎኝ አስገባሁት። አሁን ፊልሙን ያየ ሁሉ ከሙዚቃው ቀጥሎ ያገኘዋል፦ ንግግር፣ ሁለት ነጥብ፣ የሳቸው ሙሉ ስም። እስካሁን ደውለው ያመሰገኑኝ እንጂ የተቆጡኝ ጊዜ የለም።