ሃያ ፊርማ

ሐዋሳ ከጠዋት ጀምሮ ጭፍግግ ብላለች። እኔም እንደዚያው። ዝናቡ ይምጣ ይቅር ሳይለይለት ባጃጅ ያዝኩና ኮምፒውተር ማሰልጠኛው ሄድኩ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬን በቦርሳዬ ይዤ ስዞር ሳምንት አልፎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ልማር ብዬ 4,500 ብር ከፈልኩ። ማስታወቂያው 60 ሰዓት፣ ለአንድ ሰው አንድ ኮምፒውተር ይላል። የተማርነው ስምንት ቀን ነው፤ በቀን ሦስት ሰዓት። አንዱን ኮምፒውተር ለሦስት ስለተቀመጥንበት ማውሱን የነካሁት ሁለቴ ቢሆን ነው። ከዚያ አስተማሪው ቀረ። «ሰኞ ኑ» ተባልን። ሰኞ ስንሄድ ደግሞ «ሐሙስ»።

36 ሰዓት ቀርቶብኛል። አንዱ ሰዓት በ75 ብር ሲታሰብ 2,700። ፍርድ ቤት የምትሠራው የአክስቴ ልጅ «በጽሑፍ ሳታስጠነቅቂ እንዳትከሺ፤ ሕጉ መጀመሪያ እንዲፈጽሙ ጠይቂ ነው የሚለው» አለችኝ። 15 ቀን ሰጠኋቸው፤ ወይ ቀሪውን አስተምሩ፣ ወይ ብሩን መልሱ። ደብዳቤው በሁለት ኮፒ ነው፤ አንዱ ለእነሱ፣ በሌላው ላይ «ደርሶናል» ብለው ቀንና ማህተም እንዲያደርጉልኝ።

ጸሐፊዋ ደረሰኜን ገልብጣ አየችና ከታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በጥፍሯ አሳየችኝ። «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም።» ለዚህ ተዘጋጅቼበታለሁ። «እሱ እኔ ብቀር ነው እህቴ። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ» አልኳት። ኮራሁ።

የስም መቆጣጠሪያውን አወጣች። ከስሜ ፊት ሃያ ሳጥን። በሃያውም የእኔ ፊርማ።

ትዝ አለኝ። በአምስተኛው ቀን «ለሪፖርት ነው፣ የሁሉንም ቀን ጨርሱት» ተብለን ገና ያልመጡትን ቀናት ሁሉ ፈርመናል። ያስታውቃል እኮ! የመጀመሪያዎቹ አራቱ ሰማያዊ ናቸው፤ አሥራ ስድስቱ በተዋስኩት ቀይ እስክሪብቶ በአንድ ትንፋሽ የተጫሩ። ፎቶ ላንሳ ስል መዝገቡን ዘጋችው። ማህተሙን ግን አደረገችልኝ።

ባጃጅ ውስጥ የማስበው ስለ ብሩ አልነበረም። ስለ ፊርማዬ ነው። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ሒሳብ ወድቄ፣ ካርዴ ላይ የአባባን ፊርማ አስመስዬ ልፈርም ስለማመድ ከረምኩ። ደብተር ጨረስኩ። በመጨረሻ ፈርቼ ካርዱን ሰጠሁት፤ ተገረፍኩም። እጄ ላይ ግን ያቺ መጨረሻ ላይ የምትጠመዘዘው ጭራ ቀረች። ዛሬም የምፈርመው በእሷ ነው። አባባ የመብራት ቢል እንኳ መነጽሩን አድርጎ ከፊትም ከኋላም ሳያነብ የማይፈርም ሰውዬ ነበር። በእሱ ጭራ አሥራ ሁለት ያልተማርኳቸውን ቀናት ተማርኩ ብዬ ፈረምኩ።

ማታ ፊርማዬን ልቀይር ብዬ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። አንዱም አላማረኝም፤ የ15 ቀኑንም ቀጠሮ ካላንደር ላይ ሳላሰፍር መሸ። ደግሞስ ባንክ ሄጄ ለማስቀየር ፎርም መሙላት አለብኝ። እሱንም ከታች መፈረም ያስፈልጋል። በየትኛው?