የትም ቢከፈት ቅርጹ የማይፈርስ የፈተና ወረቀት እንዴት እንደማሰናዳ

ሐዋሳ ውስጥ የ7ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ጥያቄዎቹን የምናወጣው በትምህርት ክፍላችን ያለን መምህራን በሙሉ ነን። ሰብስቦ ወረቀት ላይ ማስፈሩ ግን የእኔ ድርሻ ነው። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ወደ ማባዣ ክፍል እወስዳለሁ፤ እዚያ ባለው ኮምፒውተር ተከፍቶ ይታተማል።

ችግር የሚፈጠረውም እዚያ ነው። ቤት ውስጥ ልክ የነበረው ወረቀት እዚያ ሲከፈት ይንሸራተታል። የመልሱ መስመር ሞልቶ ይፈስና ከሥሩ ትንሽ ጭረት ይጥላል። ምርጫ «መ» ብቻዋን ቀጣዩ ገጽ ላይ ትቀመጣለች። የማባዣው ሠራተኛ «ቲቸር፣ ይሄኮ አራት ገጽ ነው ብለሽኝ አምስት ሆኖ ወጣ» ይለኛል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ፎንት ነው። የብዙዎቻችን ፋይል በኒያላ የተጻፈ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ፎንት ነው፤ አብሮ የሚመጣው ኤብሪማ ነው። ኒያላ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ሌላ ፎንት ይተካል። የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ በስፔስና በኢንተር የተደረደረው ሁሉ ቦታውን ይለቃል። ስለዚህ ቅርጹን በስፔስ ሳይሆን በዎርዱ ቅንብር መያዝ አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

ፈተናው 26 ጥያቄ አለው፤ ከ40 ይታረማል። ክፍል አንድ በአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች ላይ የተጻፈ ምንባብና አምስት እውነት ወይም ሐሰት ነው። ክፍል ሁለት አምስት ማዛመድ፣ ክፍል ሦስት አሥር ምርጫ፣ ክፍል አራት ባለ ሁለት ነጥብ አምስት አጭር መልስ፣ ክፍል አምስት ደግሞ አሥር ነጥብ የሚይዝ አንድ አንቀጽ መጻፍ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ያዝኩ። በየክፍሉ ከ1 የሚጀምር ፈተና አልወድም። ተማሪው እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሦስተኛው ጥያቄ…» ሲል የየትኛው ክፍል ሦስተኛ? ከ1 እስከ 26 ሲቀጥል ግን ለሁሉም ጥያቄ አንድ ቁጥር ይኖራል፤ የመልስ ቁልፉም አንድ ዝርዝር ይሆናል። ቁጥሩን በእጅ ሳልጽፍ ዎርድ ራሱ እንዲቆጥር አደርጋለሁ። አዲስ ክፍል ላይ ከ1 ከጀመረ ቁጥሩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጌ `Continue Numbering` እላለሁ። አንድ ጥያቄ ሲሰረዝ ከሥሩ ያሉት በሙሉ ራሳቸው ይስተካከላሉ።

እውነት ወይም ሐሰትና ማዛመድ ላይ ግን የመልሱ ቦታ ከቁጥሩ በፊት ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው አውቶማቲክ ቁጥሩን የሚተወው በዚህ የተነሳ ነው። መተው አያስፈልግም። `Define New Number Format` የሚለውን እከፍታለሁ። `Number format` በሚለው ሳጥን ውስጥ ግራጫ ሆኖ የሚታይ 1 አለ። እሱን ሳልነካ ከፊቱ አራት የግርጌ ሰረዝና አንድ ስፔስ እጨምራለሁ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቁጥር ባዶ ቦታውን ይዞ ይመጣል። የጥያቄው ጽሑፍ የሚጀምርበትን ውስጠ-ገብ ወደ 2 ሴንቲሜትር ማስፋት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ረድፍ ባዶው ቦታ ሥር ይገባል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሰጠሁት ለመልስ ቦታው ነው። የግርጌ ሰረዙን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ቀላል ይመስላል፤ ግን ርዝመቱ በፎንቱ ይወሰናል። ሌላም ጣጣ አለው። ሦስት ጊዜ ብቻ መትታችሁ ኢንተር ስትሉ ዎርድ ራሱ ወደ ድፍን መስመር ሊለውጠው ይችላል። ያ መስመር የአንቀጽ ጠርዝ እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ ባክስፔስ አያጠፋውም፤ ወዲያው `Ctrl+Z` ማለት ወይም `No Border` መምረጥ ነው።

እኔ ለአጭር መልስ የምጠቀመው ታብ ነው። ኤፎር ወረቀት 21 ሴንቲሜትር ስፋት አለው። ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሲነሳለት 17 ይቀራል። `Tabs` የሚለውን ሳጥን እከፍትና ቦታውን 17 ሴንቲሜትር፣ `Alignment` ላይ `Right`፣ `Leader` ላይ 4ኛውን እመርጣለሁ። አሁን ታብን አንድ ጊዜ ስነካ መስመሩ ተነስቶ ቀኙ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ፎንቱ ቢቀየርም ከዚያ አያልፍም። የመስመሮቹን ርቀት `Exactly` ብዬ 26 ነጥብ አድርጌዋለሁ፤ ወደ 9 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የ7ኛ ክፍል ልጅ እጅ ጽሑፍ ከዚህ ሲጠብ ይጨናነቃል።

ስንት መስመር ይበቃል ለሚለው ጥያቄ በግምት አልሠራም። መልሱን መጀመሪያ እኔው በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ የእኔን መስመር በአንድ ተኩል አበዛለሁ። አጭር መልሱ በእኔ ጽሑፍ ሁለት መስመር ስለፈጀ ሦስት ሰጠሁት። አንቀጹ ስምንት ስለፈጀ አሥራ ሁለት። ቦታው በራሱ ለልጁ የሚነግረው ነገር አለ። ለሁለት ነጥብ ጥያቄ ግማሽ ገጽ ከሰጣችሁት ያን ሁሉ ልሙላ ብሎ ሰዓቱን ይጨርሳል።

ለአንቀጹ ታብ አልተጠቀምኩም። አንድ ዓምድና 12 ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ የረድፉን ቁመት `Exactly` 0.9 ሴንቲሜትር አድርጌ የግራና የቀኝ ጠርዙን አጠፋሁ። በጠቅላላ 10.8 ሴንቲሜትር ይይዛል። ከመመሪያው ጋር አንድ ገጽ ላይ ያለ ችግር ያርፋል።

ክፍሎቹን ለመለየት ከእያንዳንዱ ርዕስ በላይ አንድ መስመር አለ። ርዕሱ ደመቅ ይላል፤ ነጥቡ በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ ከሥሩ መመሪያው ይከተላል። ግራጫ ጥላ አላደርግም፤ ማባዣው ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ጽሑፉን ያቆሽሸዋል። ርዕሱና መመሪያው ላይ `Keep with next` የሚለውን አበራለሁ። ያኔ ርዕስ ገጽ ግርጌ ብቻውን አይቀርም። ማዛመጃው ሰንጠረዥ ለሁለት እንዳይቆረጥም ከመጨረሻው ረድፍ በስተቀር ሁሉም ላይ ይኸንኑ አደርጋለሁ። ምንባቡና ጥያቄዎቹ ደግሞ የግድ አንድ ገጽ ላይ መሆን አለባቸው። ወረቀቱ ፊትና ጀርባ ስለሚታተም ልጁ በየጥያቄው እየገለበጠ ማንበብ የለበትም። ለዚህ ስል ምንባቡን በሁለት ዓረፍተ ነገር አሳጠርኩት።

ሲያልቅ `Ctrl+Shift+8` እላለሁ። የተደበቁት ምልክቶች ይወጣሉ። የነጥብ ሰልፍ ካየሁ እዚያ የሆነ ሰው በስፔስ ገፍቷል ማለት ነው። ከባልደረቦቼ የሚመጡትን ጥያቄዎች የማጸዳው በዚህ ነው። ቀጥዬ `Ctrl+A` ብዬ ፎንቱን ወደ ኤብሪማ እቀይራለሁ። ገጽ ቢጨምር እንኳ መስመሮቹና ርዕሶቹ ቦታቸውን ከጠበቁ ቅርጹ ጸንቷል። ፎንቱን መልሼ በፒዲኤፍ አወጣለሁ። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ ማባዣው ጋ ሲከፈት አይለወጥም። ግን እዚያ ደርሶ ስህተት ቢገኝ ማረም አይቻልም። ስለዚህ አንድ ቅጂ አትሜ ለሌላ መምህር እሰጣለሁ፤ ቁጭ ብላ በእስክሪብቶ ትሠራዋለች።

ይህን ሁሉ በቅንብር መያዙ አንድ ልጅ ላይ ጥቅሙን አየሁት። ዓይኑ የሚደክም ተማሪ አለን፤ ለእሱ ፊደሉ 18 መሆን አለበት። ድሮ ቢሆን ፈተናውን እንደ አዲስ መጻፍ ነበር። አሁን የመደበኛውን ስታይል መጠን ቀየርኩ፣ ውስጠ-ገቡን ከ2 ወደ 3 ሴንቲሜትር አሰፋሁ፣ ሌላው ራሱ ተከተለ። ገጹ በዛ፤ ቁጥሩ፣ መስመሩና ክፍሉ ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። ፈታኙ «ጥያቄ 14 ላይ እርማት አለ» ሲል እሱም እኩል ያገኘዋል።