አልጋ ላይ ሆኖ የደረሰው ዕጣ

ባሕር ዳር፣ የትንሣኤ ማግስት

ጓደኛችን የዘንድሮን ፋሲካ የዋለው በሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። በዐቢይ ጾም መካከል የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ የግራ ጭኑ አጥንት ተሰበረ። ሐኪሞቹ በትራክሽን እንዲድን ስለወሰኑ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ በቅልጥሙ ውስጥ ቀጭን ብረት አሳልፈው፣ በብረቱ ላይ ገመድ አስረው፣ ከአልጋው ግርጌ ባለው መዘውር ላይ ክብደት አንጠለጠሉበት። ክብደቱ ስድስት ኪሎ ገደማ ነው፤ የሰውነቱን አንድ አሥረኛ ያህል ማለት ነው። የጭን ጡንቻ ኃይለኛ በመሆኑ፣ ካልተሳበ የተሰበሩትን ሁለት ጫፎች አንዱን በሌላው ላይ ያደራርባቸዋል፤ እግሩም አጥሮ ይቀራል። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም ተስቦ ይተኛል፤ እንዲህም ሆኖ ሳምንታት ይቆያል።

ይህን የምጽፈው ለበዓል ጠያቂ ሆኖ ለሚሄድ ሰው ስለሚጠቅም ነው። ክብደቱ በአየር ላይ መንጠልጠል አለበት። ወለል ወይም የአልጋውን ብረት ከነካ መሳቡ ይቆማል። የአልጋው ግርጌ ከፍ የተደረገውም በሽተኛው በክብደቱ ተስቦ ወደ ታች እንዳይንሸራተት፣ የገዛ ሰውነቱ ወደ ራስጌ እንዲስበው ነው። ከአልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ገመዱን መደገፍ፣ “ትንሽ ይረፍ” ብሎ ክብደቱን ማንሳት የተከለከለ ነው። ነርሷ በየጊዜው የእግሩን ጣቶች እየዳሰሰች ይሞቁ እንደሆነ፣ ይሰማውና ያንቀሳቅሳቸው እንደሆነ ትጠይቀዋለች፤ ብረቱ የገባበት ቦታ ቀልቶ ወይም ፈሳሽ አውጥቶ እንደሆነም ታያለች። እኛ ቆመን እንጠይቀዋለን። ወንበር ከተገኘም በራስጌው በኩል ነው የሚደረገው።

ሰሙነ ሕማማት ሲጀምር ምን ብለን እንኳን አደረሰህ እንደምንለው ተነጋገርን። ከመካከላችን አንዱ ረጅም ማጽናኛ ጽፎ መጣ። በቅንነት የተጻፈ ነበር፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው “አይዞህ” የሚል ነበር። ያን ቃል በሽተኛው በየቀኑ ከሚገባው ከሚወጣው ሁሉ ይሰማዋል። ሲሰማውም ከመመለስ በቀር ምንም የሚሠራው የለም፤ “አሜን፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ” ይላል፣ ያበቃል። የእኛ ጓደኛ ደግሞ በበዓል እጁን አጣጥፎ የተቀመጠበትን ጊዜ አላውቅም። በየዓመቱ የቅርጫችንን ገንዘብ የሚሰበስበው፣ የማን መደብ ሙሉ እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር ግማሽ ግማሽ እንደሚካፈል በደብተር የሚይዘው እሱ ነው። እኔ የፈለግሁት በዓሉ ውስጥ ቦታው እንዳለ የሚያሳየው ሰላምታ ነበር። ስለዚህ ደብተሩን ወሰድንለት። ገንዘቡን እኛ ሰበሰብን፤ ሒሳቡን እሱ ጻፈ።

ቀዳም ሥዑር ጠዋት ካህናቱ “ገብረ ሰላመ በመስቀሉ” እያሉ ቄጤማ ሲያድሉ የእሱንም ተቀበልኩለት። ነርሷን ቀድሜ ጠየቅኋት። ወለል ላይ መጎዝጎዝ አይቻልም አለች፤ እርጥብ ሣር ያንሸራትታል፣ ክፍሉ ውስጥም ቁስል ያለባቸው ሰዎች አሉ። በራሱ ላይ አንዲት ዘለላ ማሰር ግን ፈቀደች። ካሰርኩለት በኋላ ዕጣውን ጠየቅሁት። የስክሪብቶውን ክዳን ነቅሎ ሰጠኝ።

ቅርጫ ለማያውቅ ወጣት አንባቢ ልንገር። በሬው ከታረደ በኋላ ሥጋው በሸራና በቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደረደራል። እያንዳንዱ መደብ ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም እንዲደርሰው ተደርጎ ነው የሚመደበው። አንዱ መደብ ደህና ሥጋ፣ ሌላው አጥንት ከሆነ ጠብ ይነሳል። መደቡ ከተስተካከለ በኋላ ባለ ድርሻዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ያዋጣሉ፤ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ስንጥር እንጨት። የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሰው ይጠራና በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ያስቀምጣል። የራስህን ዕቃ ያገኘህበት መደብ ያንተ ነው። እንግዲህ ሩቅ ያለ ሰውም ዕጣው እስካለ ድረስ በቅርጫው ውስጥ እንደ ቆመ ይቆጠራል።

እሑድ ጠዋት ዕጣ አውጪ ሆና የቆመችው የጎረቤት ልጅ ነበረች። አንዳችን በስልክ ቀረጽን። የስክሪብቶው ክዳን ዳር ላይ ባለው መደብ ላይ ሲያርፍ እልል ተባለ። ሥጋውን ይዘን ዓባይን ተሻግረን፣ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲሱ ድልድይ፣ ለእናቱ አደረስን። እማማ ዘንቢሉን ተቀብለው፣ “ልጆቼ፣ እሱ ሳይኖርም ዕጣ ጣላችሁለት?” አሉና ቆመው መረቁን። ጥሬ ሥጋ ሆስፒታል አይገባም፤ ከእሳቸው ዶሮ ወጥ በትንሽ ሳሕን፣ ቡናም በፔርሙዝ ተቀብለን ሄድን። ከሰልና ዕጣን በሽተኛ በተኛበት ክፍል የሚታሰብ አይደለም። ወጡንም ብዙ አላደረግነውም፤ ለሳምንታት ተጋድሞ የቆየ ሰው ሆዱ ይደርቃልና ውኃና ፍራፍሬ ይበልጥበታል። የንስሐ አባቱ ለአጥንቱ ሲባል ወተትና እንቁላል ፈቅደውለት ነበር፤ ሥጋውን ግን ራሱ እስከ ፋሲካ አቆይቶታል።

ስንገባ እንደ ወጉ መጀመሪያ ለክፍሉ ሁሉ “እግዚአብሔር ይማራችሁ” አልን። ከዚያ አልጋው ራስጌ ቆመን፣ በዕድሜ የሚበልጠን ጓደኛችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን” አለ።

“በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን” ብሎ መለሰ፣ እንደ ተኛ።

“አሠሮ ለሰይጣን።”

“አግዐዞ ለአዳም” ሲል ከወዲያ አልጋ ያሉት አባት አብረውት አሉ። “ሰላም” ሲባል “እምይእዜሰ” ያሉት ደግሞ ብዙዎች ነበሩ። “ኮነ” የሚለው ቃል ሲደርስ “ፍሥሐ ወሰላም” ከየአልጋው መጣ፤ አንዳንዱ ድምፅ ደካማ ነው፣ አንዳንዱ ብርቱ። በመስኮቱ በኩል የተኛው ሙስሊም ወንድማችን ሲያበቃ፣ “እንኳን አደረሳችሁ፤ አላህ ሁላችንንም ያሽረን” አለ። እኛም አሜን አልን። ያዘጋጀነው ሌላ ንግግር አልነበረም፤ ቢኖርም ከዚህ በኋላ የሚነበብ አይመስለኝም። ይህ ሰላምታ የተሠራው ለሁለት ወገን ነው፤ ተቀባዩ ካልመለሰው አይሞላም። ጭኑ ቢሰበርም ድምፁ ሙሉ ነው፣ ድርሻውንም ተወጣ።

ቪዲዮውን አሳየነው። የእሱን መደብ ደጋግሞ አየና ጉበቱ ከሌሎቹ አነስ ማለቱን ነገረን፤ እውነቱን ነው። ከዚያ ስለ ቆዳው ጠየቀ። ስንት እንደተሸጠ ነገርነው፤ በደብተሩ ጻፈው። ገንዘቡን እንደ ልማዳችን እኩል ከመካፈላችን በፊት ግን ድምፁን ቀንሶ፣ ጎኑ የተኛው ሰው ከጣና ማዶ ከገጠር እንደመጣ፣ ለበዓሉ የጠየቀው ዘመድ እንደሌለ ነገረንና፣ “የእኔን ለእሱ አድርጉት” አለ። ሁላችንም የየድርሻችንን ጨመርን። እሱ በደብተሩ ላይ መዝግቦ ሒሳቡን ዘጋ፤ ገንዘቡንም ራሱ እጁን ዘርግቶ ለጎረቤቱ ሰጠው።

ለዳግም ትንሣኤ ብርቱካንና ምላጭ አምጡልኝ ብሎናል፤ ለጎረቤቱ ደግሞ ነጠላ ጫማ፣ ቁጥር 41።