ኤክቶፒኩን አውቀው ጥያቄውን የሳቱት

ደሴ ውስጥ ለሙያ ፈቃድ ፈተና አብረው የሚያጠኑ አምስት ኢንተርኖች አንድ ማታ በአንድ ረጅም ጥያቄ ተከራከሩ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፣ ዕድሜዋ 26፣ የመጨረሻ የወር አበባዋን ካየች 7 ሳምንት ሆኗታል። ከአራት ሰዓት በፊት ከእምብርቷ በታች በድንገት አመማት፤ አንዴም ራሷን ስታ ወድቃለች። የደም ግፊቷ 80/50፣ የልብ ምቷ 132 ነው። ሆዷ ተነፍቷል፣ ሲነካም ያማታል። የሽንት እርግዝና ምርመራዋ ፖዘቲቭ ነው። በሁለት ወፍራም ካኑላ ፈሳሽ እየገባላት፣ ደምም ተዘጋጅቶላት ሳለ ግፊቷ ከ84/50 አላለፈም። ቤስት ኔክስት ስቴፑ ምንድን ነው?

አምስቱም «የፈነዳ ኤክቶፒክ ነው» አሉ፤ ልክ ናቸው። ሦስቱ ግን መልሱ ላይ «ወደ ራዲዮሎጂ ልኮ ትራንስቫጃይናል አልትራሳውንድ ማሠራት» የሚለውን አከበቡ። «ሳናረጋግጥ እንዴት ሆድ እንከፍታለን?» አለች አንዷ።

አጠገባቸው የነበረው የማህፀን ሬዚደንት «አልትራሳውንዱ ምን ቢያሳይሽ ነው ኦፕራሲዮኑን የምትተዪው?» አላት። መልስ አጣች። የሚከበበው አስቸኳይ ላፓራቶሚ ነበር።

የሳቱት ሞስት ላይክሊ ዳያግኖሲሱን አይደለም። ዳያግኖሲሱን የሚያረጋግጠውን ምርመራ ከቀጣዩ እርምጃ ጋር አንድ አድርገው ነው ያዩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከታች ወደ ላይ ይነበባል፦ መጀመሪያ የመጨረሻዋ መስመር፣ ቀጥሎ ግፊትና የልብ ምት፣ ከዚያ እስካሁን ምን ተደርጎላታል የሚለው። ይህ ሦስተኛው ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፤ ታሪኩ መሃል በአንድ ሐረግ ተሸጉጦ ስለሚመጣ።

ሬዚደንቱ ያንኑ ታሪክ እየቀያየረ ጠየቃቸው። ካኑላውና ፈሳሹ ገና ካልተጀመሩስ? ያኔ ቀዳሚው ሁለት መስመር መክፈት፣ ፈሳሽ መስጠትና ደም ማዘጋጀት ነው፤ ኦፕራሲዮን ክፍሉም በዚያው ይጠራል። ግፊቷ 110/70፣ ምቷ 88፣ ሆዷም ለስላሳ ቢሆንስ? አሁን ያ የተሳሳተው አልትራሳውንድ ትክክለኛ መልስ ይሆናል፤ ለማየት ጊዜ አለና። ሜቶትሬክሴት ደግሞ የሚታሰበው ሕመምተኛዋ ስትረጋጋ፣ ኤክቶፒኩም ሳይፈነዳ ሲገኝ ብቻ ነው። ግፊቷ ለወደቀ ሴት ምርጫው ውስጥ የሚገባው ለማሳሳት ነው።

«ዋርድ ላይ ግን የአልትራሳውንድ ፕሮብ ሆዷ ላይ እናስቀምጣለን እኮ» ብሎ አንዱ ሞገተ። እውነቱን ነው፤ ካኑላ እየተከፈተ አልጋዋ ላይ እንዳለች ሆድ ውስጥ ደም መኖሩን በአንድ ደቂቃ ማየት ይቻላል፣ ሥራም አያስቆምም። ምርጫው የሚለው ግን «ወደ ራዲዮሎጂ ልኮ» ነው። በ84/50 ግፊት ከአልጋዋ ተነስታ ኮሪደር የምታቋርጥ ሕመምተኛ አትኖርም።