ከእርሳስ ንድፍ እስከ ለበሰች ሞዴል፦ የአንድ የደሴ ቀሚስ ሥራ

ደሴ ላይ የሐበሻ ልብስ የምትነድፍ ጓደኛ አለችኝ። ንድፎቿን የምትሠራው በእርሳስ ነው። ብዙ ደንበኞቿ ከከተማው ውጭ ስለሆኑ ንድፉን በቴሌግራም ትልክላቸዋለች። መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «ያምራል፤ ግን ሲለበስ ምን ይመስላል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ጥለት አንዴ ከተሸመነ በኋላ «ትንሽ ይጥበብልኝ» ቢሉ ማስተካከል አይቻልም።

ስለዚህ ንድፉን ሞዴል ለብሳው የሚያሳይ ፎቶ ማዘጋጀት ጀመርኩ። እዚህ የምተርከው የአንዱን ቀሚስ ሥራ ነው። ለኒካህ የታዘዘ ነጭ የፈትል ቀሚስ ነበር፤ እጅጌው ረጅም፣ አንገቱ የተዘጋ፣ ርዝመቱ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከታች ዘርፉ ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ያለው። የተጠቀምኩት ስቴብል ዲፊዩዥን የሚባለውን ምስል ፈጣሪ ፕሮግራም ነው። ከእሱ ጋር ኮንትሮልኔት አለ፤ ምስሉ የሰጠነውን መስመር እንዲከተል የሚያስገድደው እሱ ነው። ለመጨረሻው የእጅ ሥራ ደግሞ ጊምፕ።

መጀመሪያ ንድፉን ፎቶ አነሳሁ። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትክክል አድርጌ፣ ያለ ፍላሽ። ከዚያ ጊምፕ ውስጥ በ `Levels` ወረቀቱን ንጹሕ ነጭ፣ እርሳሱን ጥቁር አደረግሁት። የወረቀቱ ጥላ ከቀረ ፕሮግራሙ የጨርቅ እጥፋት አድርጎ ይቆጥረዋል። በተመሳሳይ ምክንያት ዲዛይነሯ ጥላ ለማሳየት የጫረቻቸውን ሰረዞች፣ በዳር የጻፈችውን ማስታወሻና ቀስቶቹን አጠፋሁ። ሰረዝ እንዳለ ከተተወ ሽንሽን ወይም ጭረት ያለው ጨርቅ ሆኖ ይወጣል። የቀሩት የልብሱ ዳርቻ፣ የትከሻና የወገብ ስፌት፣ የአንገቱ ቅርጽና የእጅጌው ጫፍ ብቻ ናቸው።

ብዙ ሰው የማያስበው ቀጥሎ ያለውን ነው። የፋሽን ንድፍ ላይ ያለች ሴት እንደ እውነተኛ ሰው አትሳልም። የጓደኛዬ ንድፍ ላይ ጭንቅላቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ሙሉ ቁመቱ 22.5 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ማለትም የዘጠኝ ጭንቅላት ቁመት። በሙያው የተለመደ ነው፤ ልብሱ ረዘም ብሎ እንዲያምር እግሩን ያስረዝሙታል። እውነተኛ ሰው ግን ሰባት ተኩል ጭንቅላት አካባቢ ነው። ንድፉን እንዳለ አሳንሰን ፎቶ ላይ ብናስቀምጠው ወገቡ ጡት ስር ይወጣል፣ ትከሻው ይጠባል፣ ቀሚሱም ዲዛይነሯ ያላሰበችው ሌላ ልብስ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ ንድፉን ከፎቶው በላይ ግማሽ ግልጽ አድርጎ ማስቀመጥና የወገቡ መስመር የሞዴሏ ወገብ ላይ ማረፉን ማየት።

እኔ ንድፉን ወገቡ ላይ ለሁለት ቆረጥኩት። የላይኛውን ክፍል ከትከሻዋና ከወገቧ ጋር አገናኘሁ። የታችኛውን ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ባለው ርቀት ልክ አሳጠርኩት፤ የጎን ስፋቱን ግን አልነካሁም። ስፋቱም አብሮ ካነሰ ቀሚሱ ይጠባል። የተቆረጡትን መስመሮች ወገብ ላይ በእጅ አያያዝኩ። ዲዛይነሯ አይታ «አሁን ሰው የሚለብሰው ሆነ» አለችኝ።

ለሞዴል ፎቶ ፈቃደኛ የሆነች ዘመዷን አነሳን። ሰውነት ላይ የሚያርፍ ቲሸርትና ሌጊንግ ለብሳ፣ እጆቿን ከጎኗ ትንሽ አርቃ፣ በግራጫ ግድግዳ ፊት ቆመች። ካሜራው በወገቧ ከፍታ፣ ከእሷ አራት ሜትር ገደማ ርቆ ነበር። በስልክ ቀረብ ብሎ ከላይ ማንሳት እግርን ስለሚያሳጥር ያስተካከልነውን ልክ ሁሉ ያበላሻል። ሰፊ ልብስም ለብሳ ብትነሳ ትከሻዋና ወገቧ የት እንዳሉ አይለይም።

ሸራውን 832 በ1216 ፒክስል አደረግሁ። ከጭንቅላቷ እስከ እግሯ 1120 ፒክስል ሞላች። ሞዴሏ 1.60 ሜትር ስለሆነች አንድ ሴንቲ ሜትር ሰባት ፒክስል ነው ማለት ነው። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ከዚያ ፊቷንና መዳፎቿን ትቼ ከአንገት እስከ ወለሉ ድረስ ያለውን እንዲቀይር መረጥኩ። ምርጫው ቀሚሱ ከሚደርስበት ሰፋ ማለት አለበት፤ በተለይ ከታች፣ ጥላው ወለሉ ላይ ቦታ ይፈልጋል። የጻፍኩለት መግለጫ አጭር ነው፦

```
full body photo of a standing woman,
long white handwoven cotton dress,
matte fabric, closed neckline, long sleeves,
plain white hem, soft daylight, grey wall
```

ኮንትሮልኔት ላይ የ `lineart` ሞዴልን መረጥኩ። ይህ ሞዴል ጥቁር መደብ ላይ ነጭ መስመር ነው የሚጠብቀው። ንድፋችን ግን ተቃራኒው ስለሆነ `invert (from white bg & black line)` የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። የ `Denoising strength` ልክ 0.9 አካባቢ ነበር፤ ዝቅ ሲል የድሮው ቲሸርት ቅርጽ ከስር ይታያል። `Control Weight` 0.8፣ `Ending Control Step` 0.7 ላይ ጥሩ ሠራ። ሁለተኛው ቁጥር ፕሮግራሙ ሥራው ሰባ በመቶ እስኪደርስ መስመሩን ይከተልና ከዚያ በኋላ ጨርቁን በነጻነት ይጨርስ ማለት ነው። ክብደቱ ሲበዛ የእርሳሱ መስመር እንደ ጥቁር ክር ልብሱ ላይ ቀርቶ ይታያል። ሲያንስ ደግሞ መጀመሪያ የሚሸሸው አንገቱ ነው፤ የተዘጋው አንገት ቀስ ብሎ ወደ ታች ይከፈታል። ለኒካህ በታዘዘ ቀሚስ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ምስል ሲወጣ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው አንገቱ ላይ ነው።

ጨርቁም ይፈተሻል። ፕሮግራሙ ነጭ ረጅም ቀሚስ ሲባል ሳቲን ማድረግ ይወዳል። ሳቲን መሆኑ የሚታወቀው እጥፋቱ ላይ ቀጭን የሚያበራ መስመር ሲኖረው ነው። የእጅ ፈትል ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ከብርሃን ወደ ጥላ የሚሄደው በለስላሳው ነው። አንዳንዴ በተቃራኒው የሽመናው ክር አንድ በአንድ ይታያል። ይህም ውሸት ነው፤ በሴንቲ ሜትር ሰባት ፒክስል ባለው ፎቶ ላይ ቀጭን ክር የሚታይበት መንገድ የለም። ከታየ የጆንያ ጨርቅ ነው የሚመስለው።

ጥለቱን ሆን ብዬ ለፕሮግራሙ አልተውኩለትም። መግለጫው ላይ ዘርፉ ነጭ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። ጥለት እንዲሠራ ሲጠየቅ ከሩቅ የሚያምር፣ ቀርበው ሲያዩት ግን የማይደጋገም የቀለም ውዥንብር ይሰጣል። አንዱ አበባ ከሌላው አይመሳሰልም። ሸማኔ ያንን አይቶ መሥራት አይችልም፤ ደንበኛዋም የምትከፍለው ለሌለ ጥለት ይሆናል።

ስለዚህ ዲዛይነሯ ካላት የጥለት ናሙና አንዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ከላይ ፎቶ አነሳሁት። ንድፉ በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ይደጋገማል፤ የጥለቱ ቁመት 12 ሴንቲ ሜትር ነው። በፎቶው ልክ 42 እና 84 ፒክስል ማለት ነው። እዚህ ጋ ነው ቁጥሯ የጠቀመችን። እርሳሱ ንድፍ ላይ ጥለቱ እስከ ጉልበት ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር። በትክክለኛ ልኩ ሲቀመጥ ግን ቀጭን መስሎ ታየ። ዲዛይነሯ ዝም ብላ አየችውና 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን አለች። ጥለቱ ያለዚህ ፎቶ በ12 ይሸመን ነበር።

አንዱን ተደጋጋሚ ክፍል ቆርጬ ጎን ለጎን አባዝቼ ረጅም ጥብጣብ ሠራሁ። የላይኛውን ንብርብር `Multiply` ሳደርገው የቀሚሱ ጥላ በጥለቱ ውስጥ አልፎ ታየ። ይህ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ጥለቱ ልብሱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል። በ `Warp Transform` እያንዳንዱን እጥፋት ተከትዬ አጣመምኩት። ሽንሽኑ ወደ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ጥለቱን መጭመቅ ሳይሆን መደበቅ ያስፈልጋል። አበባው ግማሹ ይጠፋና ከእጥፋቱ ማዶ ቀሪው ይቀጥላል። ወደ ጎን በዞረው ጨርቅ ላይ ደግሞ 42ቱ ፒክስል ጠበብ ይላል።

ፎቶውን ሸማኔው ጋ ይዘን ሄድን። ጋሼ ትንሽ አየት አድርገው «ይሄማ ክሎሽ ነው፤ ጥለቱ እንዴት ይዞራል?» አሉ። ልክ ናቸው። ጥለት የሚሸመነው በማግ፣ ከጨርቁ ጫፍ ጋር ቀጥ ብሎ ነው። ክሎሽ ቀሚስ ግን ዘርፉ ክብ ሆኖ ይቆረጣል። ቀጥ ያለው ጥለት በዚያ ክብ ላይ ልዙር ቢል ወይ ይሸበሸባል ወይ ይቆራረጣል። እሳቸው አንድ ነጠላ አንስተው ጫፉን በክብ ሊያዞሩት ሲሞክሩ ወዲያው ተኮማተረ። ፎቶው ላይ ግን ጥለቱ ዘርፉን ተከትሎ በሚያምር ሁኔታ ዞሮ ነበር፤ በኮምፒውተር ምንም አይከለክለውምና።

መፍትሔው ቀሚሱን ቀጥ ባሉ ጨርቆች ሠርቶ ወገቡ ላይ መሸንሸን ሆነ። ዲዛይነሯ የታችኛውን ክፍል እንደገና ሳለችው፤ ከወገብ የሚወርዱ ቀጥ ያሉ የሽንሽን መስመሮች ጨመረች። እኔም ከወገብ በታች ያለውን ብቻ መርጬ ዳግም አስኬድኩት፤ የላይኛው እንዳለ ቀረ። አሁን እጥፋቶቹ ከወገብ ጀምረው ወረዱ፣ ጥለቱም ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ንድፍ ወደ ኮምፒውተር ከማስገባቴ በፊት ዘርፉ እንዴት እንደሚቆረጥ እጠይቃለሁ።

ለደንበኛዋ ስንልክ ፎቶው ላይ «ገና ያልተሰፋ፣ በኮምፒውተር የተዘጋጀ» ብለን ጻፍንበት፤ ከጎኑ የእርሳሱን ንድፍና የጥለቱን ናሙና ፎቶ አያያዝን። ፎቶው የማይነግራት ነገር አለና። የሞዴሏ ሰውነት የእሷ አይደለም፤ ቀሚሱ ብብቷ ስር ይጥበብ ወይም ይስፋ ፎቶው አያውቅም። ያንን የሚወስነው የልብስ ሰፊው ሜትር ነው። ከስክሪን ወደ ስክሪን ቀለሙም ይለያያል፤ አረንጓዴው የተመረጠው ከክሩ ናሙና እንጂ ከፎቶው አይደለም።

ደንበኛዋ እጅጌው ጫፍ ላይም ቀጭን ጥለት ጠየቀች። 4 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 28 ፒክስል፣ ጨምሬ በዚያው ቀን ላክሁላት። ተስማማችና ክሩ ተገዛ። የጀርባው ፎቶ ግን የለንም። የፊቱ ንድፍ ስለ ጀርባው ምንም ስለማይል ፕሮግራሙ ከራሱ ይፈጥራል። ዲዛይነሯ የጀርባውን ንድፍ ለብቻው እየሳለች ነው፤ መዝጊያው ቁልፍ ይሁን ዚፕ እሱ ላይ ይወሰናል።