መለኪያው ያልነገረኝ ነገር

በደብረ ብርሃን በአንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ስሠራ፣ በታኅሣሥ ወር መብራት በጠፋበት ምሽት አንዲት እናት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ሦስቱንም ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያጥወለውላቸዋል፤ ትንሿ ልጅ ሁለት ጊዜ አስመልሳለች። ከአንድ ገበታ ስለበሉ የምግብ መመረዝ መሰለኝ፤ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያም እናትየው ላይ 94 አሳየኝ፣ ይህ ደግሞ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ደህና ቁጥር ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ሰጥቼ ልሸኛቸው ነበር።

በሩ ላይ ሲደርሱ ታላቁ ልጅ «ሲስተር፣ እኔ እኮ ውጭ ስወጣ ይሻለኛል» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ትኩሳትም ተቅማጥም እንደሌላቸው ልብ ያልኩት።

«እማማ፣ ማታ ቤት ውስጥ ምን አነደዱ?»

«ኧረ ምንም ልጄ፣ ዕጣን ብቻ። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ካለቀለት በኋላ ነው ያስገባሁት።»

በጠባቧ የጸሎት ክፍል በጧፍ ብርሃን ዳዊት ሲደግሙ፣ ዕጣኑ ካበቃ በኋላም ምድጃው ለሙቀት እዚያው ቆይቷል፤ መስኮቱ ደግሞ ለውርጩ ሲባል በጨርቅ ተወትፏል። ጭስ የሌለው ፍም አይጎዳም የሚለው እምነት በአገራችን ሥር የሰደደ ነው፤ ነገር ግን ቀልቶ አመድ የለበሰ ከሰልም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፣ የዕጣኑ መዓዛም ሰውን ያዘናጋል። መለኪያው ያሳሳተኝ በብርሃን የሚሠራ በመሆኑ ነው፤ ጋዙን የተሸከመ ደም ኦክሲጅን ከተሸከመው ደም ጋር ስለሚመሳሰልበት ሁለቱን አይለይም።

ሦስቱንም ከሲሊንደር በጭምብል ኦክሲጅን አስጀመርናቸው። በተራ አየር የጋዙ መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሲፈጅ፣ በንጹሕ ኦክሲጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ራስ ምታቱ ቀለል ሲላቸው ለተጨማሪ ክትትል ወደ ሆስፒታል ላክናቸው።

ከሳምንት በኋላ ቤታቸው ስሄድ መስኮቱን ከፍተውት አገኘሁ፤ ደስ አለኝ፣ ግን ብዙም አልቆየ። ጧፉ በእንጨት መደርደሪያ ላይ በራሱ ቅላጭ ተጣብቆ ቆሟል፣ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስም የሥዕለ አድኅኖውን መጋረጃ ወደ ነበልባሉ ያወዛውዘዋል። ስለ አየር ስመክራቸው ስለ ነፋሱ ያላሰብኩት እኔ ነኝ። ጧፉን አሸዋ በሞላ የሸክላ ሳህን ላይ ተክለን፣ ከመጋረጃው አንድ ክንድ ያህል አርቀን፣ መጋረጃውን ወደ ጎን ሰብስበን አሰርነው፤ ምድጃው ግን ዕጣኑ እንዳበቃ ወዲያው ወደ ደጅ እንዲወጣ ተስማማን። ኩራዙንም ጠፍቶ ሳይቀዘቅዝ ላምባ እንዳይጨምሩበት ነገርኳቸው፤ እርሳቸውም «በጨለማ እንዴት አድርጌ ልሙላው ታዲያ?» ብለው ሳቁብኝ፣ በቀን ሞልተው ማስቀመጥ እንደሚሻላቸውም ራሳቸው መልሱን አገኙት።