እንግሊዝኛዬ «የማሽን ጽሑፍ» ከተባለ ወዲህ የቀየርኩት

ጎንደር ውስጥ በሕብረተሰብ ጤና ሙያ ላይ ያለን ብዙዎቻችን የእንግሊዝኛ አጻጻፍን የተማርነው ከመማሪያ መጽሐፍ ነው። አንቀጹ በጥቅል ሐሳብ ይከፈታል፣ ዐረፍተ ነገሮቹ በ«ሞርኦቨር» እና በ«ፈርዘርሞር» ይያያዛሉ፣ በ«ኢን ኮንክሉዥን» ይዘጋል። በዚሁ ሥርዓት ተጠንቅቄ የጻፍኩት የትምህርት ዕድል ማመልከቻ በማሽን፣ ማለትም በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የተጻፈ ነው በሚል ጥርጣሬ ሲመለስልኝ በጣም አዘንኩ፤ ምክንያቱንም ለማወቅ ተነሣሁ።

የማሽንን ጽሑፍ ከሰው ጽሑፍ የሚለዩ ብዙዎቹ መለያ ፕሮግራሞች ከሚመዝኑት አንዱ ቀጣዩ ቃል ምን ያህል አስቀድሞ ሊገመት እንደሚችል ነው። በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው የሚያውቃቸውን የተለመዱ ቃላት ስለሚመርጥ ጽሑፉ በቀላሉ የሚገመት ይሆናል። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት 91 የቶፍል ድርሰቶችን በሰባት መለያዎች ሲፈትሹ፣ በአማካይ ከግማሽ የሚበልጡት በስሕተት የማሽን ተብለዋል፤ የአሜሪካ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰቶች ግን በአብዛኛው በትክክል የሰው ተብለዋል። በዚያው ጥናት የቶፍል ድርሰቶቹ ቃላት በረቀቁ ቃላት ሲተኩ የስሕተቱ መጠን በእጅጉ ቀንሷል። ይህን ያነበበ ሰው ብርቅ ቃላት ወደ መፈለግ ሊያዘነብል ይችላል፤ እኔ ግን አልመክርም። በጤና ጽሑፍ አንድ ነገር በአንድ ስም ካልተጠራ፣ አንባቢው ስለ ሁለት ነገር የተጻፈ ሊመስለው ይችላል። ሆን ብሎ ሰዋስው ማበላሸትም ቢሆን ጽሑፉን ከማርከስ በቀር ጥቅም የለውም።

እኔን የረዳኝ ለየትኛውም በሽታ ሊነገር የሚችለውን ዐረፍተ ነገር እያወጡ፣ በቦታው የዚህን ጉዳይ ዝርዝር ማስገባት ነው። ስለ ካላ-አዛር የጻፍኩት አንቀጽ መጀመሪያ «ካላ-አዛር ከባድ የጤና ችግር ነው። በተጨማሪም ብዙ ሰዎችን ያጠቃል። ከዚህም በላይ ኢኮኖሚያዊ ጉዳት ያስከትላል» የሚል ነበር። አሁን እንዲህ ይነበባል፦ «ከደጋው ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ የሚወርዱ ወጣቶች ሌሊቱን ደጅ ያድራሉ። ካላ-አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትነክሰው በአብዛኛው በሌሊት ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ጣፊያ አብጦ ወደ ሕክምና ሲመጡ፣ የወቅቱ ገቢያቸው በጉዞና በሕመም አልቋል።» ማያያዣዎቹ ሳይኖሩ አንዱ ሐሳብ ሌላውን ይጎትታል፤ «ካላ-አዛር» የሚለው ስያሜም በጽሑፉ ሁሉ አልተለወጠም። የዐረፍተ ነገሮቹም ርዝመት በመለኪያ ሳይሆን በጉዳዩ ምክንያት ተለያየ።

የጥናት ዘዴ የሚገለጽበትን ክፍል ግን አልነካሁትም፤ ናሙና እንዴት እንደተወሰደ የሚነገርበት አባባል በሙያው የታወቀ ስለሆነ፣ እሱን ማሳመር ገምጋሚውን ያደናግራል። ለዚያ ክፍል መከላከያ ያደረግኩት ረቂቆቼን በጉግል ዶክስ መጻፍ ነው፤ Version history የሚለው ዝርዝር እያንዳንዱ አንቀጽ መቼና እንዴት እንደተለወጠ ስለሚያሳይ፣ ጥርጣሬ ከተነሣ አቀርበዋለሁ።